የፍሎውቻርት የሎጂክ ስህተት አፈላለግ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሁሉንም በአንድ ምሳሌ፣ ከኤቲኤም ብር በማውጣት፣ ነው የማሳየው፤ ወረቀትና ሁለት ቀለም እርሳስ ይዛችሁ አብራችሁኝ ብትሠሩ ይሻላል።

ቅርጾቹን በትክክል ተጠቅሜያለሁ። የሎጂክ ስህተት ከየት ይመጣል?

ከቀስቶቹና ከቁጥሮቹ። ሞላላው ለመጀመሪያና ለመጨረሻ፣ አራት ማዕዘኑ ለሥራ፣ ዘመም ያለው ለመቀበልና ለማሳየት፣ ዳይመንዱ ለውሳኔ መዋሉ ስዕሉን ለማንበብ ይረዳል። ቀስቱ ወደ ትክክለኛው ቦታ መሄዱን ግን አይነግራችሁም። የሎጂክ ስህተት አለ የሚባለው ስዕሉን እንዳለ ስትከተሉት ያላሰባችሁት ቦታ ላይ ሲያወጣችሁ፣ መሃል መንገድ ላይ ሲያስቀራችሁ ወይም አንድ ቦታ ላይ ሲያሽከረክራችሁ ነው።

እነዚህ ስህተቶች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዳንዶቹ ቀስቶቹን ብቻ በማየት ይገኛሉ፤ ሳጥኑ ውስጥ የተጻፈውን ማንበብ እንኳ አያስፈልግም። ሌሎቹ ደግሞ ቀስቶቹ ሁሉ ተሟልተው፣ ስዕሉ ምንም የጎደለው ሳይመስል፣ ቁጥር አስገብታችሁ እስክትሞክሩት ድረስ ተደብቀው ይቀመጣሉ። ብዙ ሰው የመጀመሪያዎቹን ካገኘ በኋላ ጨረስኩ ብሎ ይነሳል። ከባዶቹ ሁለተኛዎቹ ናቸው።

ከየት ልጀምር?

ለእያንዳንዱ ቅርጽ ቁጥር በመስጠት። ቀላል ይመስላል፤ ግን ቁጥር ከሌለ «ያኛው ሳጥን» እያላችሁ መደናገር ነው። ቁጥር ስትሰጡ ደግሞ እያንዳንዱ ቅርጽ ወዴት እንደሚሄድ አጠገቡ ጻፉ። የኛ ምሳሌ ሆን ተብሎ ስህተት የገባበት ነው፤ እንዲህ ይመስላል፦

```
 1  ጀምር                         → 2
 2  ሙከራ = 0                     → 3
 3  ፒን ተቀበል                     → 4
 4  ፒኑ ትክክል ነው?     አዎ → 7    አይ → 5
 5  ሙከራ = ሙከራ + 1               → 6
 6  ሙከራ = 3 ነው?      አዎ → 11   አይ → 2
 7  የብር መጠን ተቀበል                → 8
 8  መጠን ≤ ቀሪ ነው?     አዎ → 9
 9  ብር ስጥ፤ ቀሪ = ቀሪ - መጠን       → 10
10  ጨርስ
11  ካርዱን ያዝ
12  «ቀሪ ሂሳብዎ አይበቃም» አሳይ        → 7
```

አሁን ቀስት ቁጠሩ። ደንቡ አጭር ነው። ከመጀመሪያው ሞላላ አንድ ቀስት ይወጣል። ወደ መጨረሻው ሞላላ ቢያንስ አንድ ይገባል፤ ከሱ ምንም አይወጣም። ወደ ሥራ ሳጥን ቢያንስ አንድ ይገባል፣ ከሱ ደግሞ አንድ ብቻ ይወጣል። ወደ ዳይመንድ ቢያንስ አንድ ይገባል፣ ከሱ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ይወጣሉ፣ እያንዳንዳቸውም ላይ መልሱ ይጻፋል። በዚህ ብቻ ሦስት ቦታ ይያዛል። 8 አንድ መውጫ ብቻ ነው ያለው፣ ከ11 ምንም አይወጣም፣ ወደ 12 ምንም አይገባም። ሌላ ስህተትም አለ፤ እሱን ግን ቆጠራው አላየውም። ወደ ኋላ ላይ እንደርስበታለን።

ዳይመንዱ አንድ መውጫ ብቻ ቢኖረው ምን ችግር አለው? «አይ» ከሆነ ምንም እንደማይደረግ ግልጽ አይደል?

ለሳለው ሰው ግልጽ ሊሆን ይችላል፤ ለሚከተለው ሰው ግን አይደለም። ሳጥን 8ን እዩት። ደንበኛው 2000 ብር ጠየቀ፣ ያለው 1500 ነው። መልሱ «አይ» ነው። ቀጥሎስ? ስዕሉ ዝም አለ። ወደ ኮድ የሚቀይረው ሰው የራሱን ግምት ይወስዳል። አንዱ «በቃ ይውጣ» ይላል፣ ሌላው «እንደገና ይጠይቅ» ይላል፣ ሦስተኛው ሳያስበው ፕሮግራሙ ወደ ቀጣዩ መስመር እንዲወርድ ያደርጋል። ያ ቀጣዩ መስመር ደግሞ «ብር ስጥ» ነው።

«አይ ከሆነ ምንም አይደረግም» ማለት ራሱ አንድ መንገድ ነው፤ ስለዚህ ይሳላል። ቀስቱ የሥራ ሳጥኑን አልፎ ከታች ካለው ጋር ይገናኛል፣ ላዩ ላይም «አይ» ይጻፍበታል።

የዚህ ስህተት ዘመዶችም አሉ። ሁለቱም ቀስቶች ምንም ካልተጻፈባቸው የትኛው «አዎ» እንደሆነ አይታወቅም። ሁለቱም ወደ አንድ ሳጥን የሚሄዱ ከሆነ ውሳኔው ትርጉም የለውም፤ ወይ ዳይመንዱ አያስፈልግም ወይ አንዱ ቀስት ተሳስቷል። ከዳይመንድ ሦስትና አራት ቀስት ማውጣት ግን በራሱ ስህተት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው አይኤስኦ 5807 የተባለው የፍሎውቻርት ምልክቶች ደረጃም ይፈቅደዋል። እዚያ ላይ የምትፈትሹት ሌላ ነገር ነው። መልሶቹ ተደምረው ሁሉንም ሁኔታ ይሸፍናሉ ወይ? «ከ50 በታች» እና «ከ50 በላይ» የሚሉ ሁለት ቀስቶች ብቻ ካሉ፣ ልክ 50 ያመጣው ተማሪ መንገድ የለውም። ሁለት መውጫ ቢኖርም አንድ ጎድሏል ማለት ነው።

መጨረሻ ላይ የማይደርስ መንገድ በምን ይታወቃል?

ነጠላ ሳጥን ከሆነ ቀስት መቁጠር ይበቃል። 11 ላይ ካርዱ ተያዘ፣ ከዚያ ምንም የለም። ማሽኑ ለደንበኛው ምን ይበለው? ለሚቀጥለው ሰውስ እንዴት ይዘጋጅ? ከ11 ወደ 10 ቀስት ያስፈልጋል።

ችግሩ ሰው ሲጣደፍ የሚያደርገው ማስተካከያ ነው። አንድ ሰው 13 ብሎ «ባንክዎን ያነጋግሩ» የሚል ማሳያ ጨመረ እንበል። ከ11 ወደ 13 ቀስት ሳለ፣ 13ም መውጫ ያስፈልገዋል ብሎ ወደ 11 መለሰው። አሁን ሁሉም ሳጥን ቀስት ይገባበታል፣ ይወጣበታልም። ቆጠራው ያልፋል። ደንበኛው ግን 11 እና 13 መካከል ተቀርቅሯል።

ለዚህ ነው ሁለት ቀለም እርሳስ የምፈልገው። በሰማያዊው ከ«ጀምር» ተነስታችሁ ቀስቶቹን እየተከተላችሁ የደረሳችሁበትን ሁሉ ምልክት አድርጉ፤ ዳይመንድ ላይ ስትደርሱ በሁሉም መውጫ ሂዱ። በቀዩ ደግሞ ከ«ጨርስ» ተነስታችሁ ቀስቶቹን ወደ ኋላ ተከተሉ፤ ወደ 10 የሚያመጣው ማነው? 9። ወደ 9 የሚያመጣው? 8። እንዲህ እያላችሁ እስከ 1። ሰማያዊ ኖሮት ቀይ የሌለው ሳጥን ወጥመድ ነው፤ ሰው ይገባበታል፣ ወደ መጨረሻው ግን ፈጽሞ አይወጣም። በኛ ስዕል 11 እና አዲሱ 13 ሰማያዊ ብቻ ሆነው ይቀራሉ። ወጥመዱ ሁለት ሳጥን ይሁን ሃያ ዘዴው ለውጥ የለውም።

ከአንድ በላይ «ጨርስ» ካላችሁ ቀዩን ከሁሉም አስጀምሩ።

ቀስት የማይገባበት ሳጥን አለኝ። ዝም ብዬ ላጥፋው?

አትቸኩሉ። ማንም የማይደርስበት ሳጥን ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ አንድ ቀስት እንደተረሳ ይጠቁማል። የኛ 12 «ቀሪ ሂሳብዎ አይበቃም» ይላል። ይህን የሳለ ሰው ያለ ምክንያት አልሳለውም። የት ነው ገንዘብ አለመብቃቱ የሚታወቀው? 8 ላይ። 8 ደግሞ መውጫ ጎድሎት ነበር። ሁለቱ ስህተቶች አንድ ናቸው፤ ከ8 ወደ 12 «አይ» የሚል ቀስት ሲሳል ሁለቱም ይጠፋሉ።

ስለዚህ ሳጥኑን ከማጥፋታችሁ በፊት መውጫ የጎደለው ዳይመንድ ፈልጉ። በቀለሙ ዘዴ ካየነው እንዲህ ያለው ሳጥን ቀይ ኖሮት ሰማያዊ የሌለው ነው። ሁለቱም ቀለም ከሌለው ግን ምናልባት የድሮ ስሪት ቅሪት ነው፤ እሱን ከሳለው ሰው ጋር ተነጋግራችሁ አውጡት።

ሉፕ ሳይ የማያልቅ መሆኑን በዓይኔ ብቻ ማወቅ እችላለሁ?

በዓይን ጥርጣሬ ማግኘት ትችላላችሁ፤ ማረጋገጥ ግን ሌላ ነው። ወደ ኋላ የሚመለስ ቀስት ባያችሁ ቁጥር ቆም በሉ። መጀመሪያ ከዚህ ሉፕ የሚያስወጣው ዳይመንድ የቱ እንደሆነ ለዩ። ቀጥሎ ዳይመንዱ የሚጠይቀው ስለየትኛው ቫሪያብል እንደሆነ አንብቡ። ከዚያ ያ ቫሪያብል ሉፑ ውስጥ የት እንደሚቀየር ፈልጉ። የሚቀየርበት ሳጥን ከሌለ ሉፑ አያልቅም፤ መልሱ ዛሬ «አይ» ከሆነ ነገም «አይ» ነው።

የሚቀየር ከሆነስ? ወደ መውጫው እየቀረበ መሆኑን እዩ። ከ10 ጀምሮ ወደ 0 መውረድ ያለበት ቁጥር አንድ ቦታ ላይ በስህተት + 1 ከሆነ ይቀየራል፣ ግን እየራቀ ነው የሚሄደው።

በጣም የሚያታልለው ሦስተኛው ዓይነት ነው። ቫሪያብሉ ይቀየራል፣ በትክክለኛው አቅጣጫም ይሄዳል፣ ግን አንድ ሌላ ሳጥን መልሶ ያጠፋዋል። የኛ ሳጥን 6 ያለው ችግር ይሄ ነው። ቀለም ብትቀቡት 2፣ 3፣ 4፣ 5 እና 6 ሁሉም ሰማያዊም ቀይም አላቸው። ቀስት ብትቆጥሩ ምንም አይጎድልም። ስህተቱን ለማየት ቁጥር ማስገባት ግድ ነው።

ትሬስ ቴብል የሚሉት ምንድነው? እንዴት ይሠራል?

እናንተ ራሳችሁ ኮምፒውተሩን ሆናችሁ ስዕሉን በወረቀት ላይ የምታሄዱበት ሠንጠረዥ ነው። ለሳጥን ቁጥር አንድ ዓምድ፣ ለእያንዳንዱ ቫሪያብል አንድ ዓምድ፣ ለውሳኔው መልስ አንድ ዓምድ። አንድ ሳጥን በሄዳችሁ ቁጥር አንድ መስመር ትጽፋላችሁ። አንድ ጥብቅ ሕግ አለው፤ የተጻፈውን ብቻ አድርጉ። «እዚህ ጋ እንዲህ ለማለት ፈልጌ ነው» ካላችሁ ስህተቱን አልፋችሁት ሄዳችኋል።

ደንበኛው ፒኑን እየተሳሳተ ነው እንበል። 1 እና 3 ምንም ስለማይቀይሩ ትቻቸዋለሁ፦

| ሳጥን | ሙከራ | ውሳኔ |
|---|---|---|
| 2 | 0 | |
| 4 | 0 | አይ |
| 5 | 1 | |
| 6 | 1 | አይ፣ ወደ 2 |
| 2 | 0 | |
| 4 | 0 | አይ |
| 5 | 1 | |
| 6 | 1 | አይ፣ ወደ 2 |

አምስተኛውን መስመር እዩት። ሙከራ 1 የነበረው ተመልሶ 0 ሆነ። ከ6 የሚመለሰው ቀስት ካውንተሩን ዜሮ ወደሚያደርገው ሳጥን 2 ነው የገባው። መግባት የነበረበት ወደ 3 ነው። በዚህ ስዕል ሙከራ መቼም 3 አይደርስም፣ ሳጥን 11ም መቼም አይሠራም።

አንድ ሳጥን ላይ ሁሉም ቫሪያብሎች ያንኑ ዋጋ ይዘው ሁለት ጊዜ ከደረሳችሁ፣ የሚገባውም ነገር ያው ከሆነ፣ መጻፍ ማቆም ትችላላችሁ፤ ከዚህ በኋላ የሚሆነው ካሁን በፊት የሆነው ነው። ሠንጠረዡን መቶ መስመር ማድረስ አያስፈልግም።

ይህ ስህተት ማሽኑን አለማገዱንም አስተውሉ። ፒኑን የሚያውቅ ሰው በሦስተኛው ወይም በአምስተኛው ሙከራ ገብቶ ብሩን ይዞ ይሄዳል፣ ማንም ምንም አያስተውልም። ጉዳቱ የሚታየው ካርድ የጠፋ ቀን ነው። ባለ አራት አኃዝ ፒን ከ0000 እስከ 9999 አሥር ሺህ አማራጭ ብቻ ነው ያለው፣ ስዕሉ ደግሞ ሌባውን እስኪያገኘው ድረስ «እንደገና ሞክር» ይለዋል።

በየትኞቹ ቁጥሮች ልሞክር? ሁሉንም መሞከር አልችልም።

አትችሉም፣ አያስፈልግምም። ስህተት የሚወደው ድንበር ነው። ቁጥር የሚያወዳድር ዳይመንድ ሁሉ ድንበር አለው፤ ልክ ድንበሩ ላይ፣ ከሱ በአንድ ዝቅ ብላችሁ፣ ከሱ በአንድ ከፍ ብላችሁ ሞክሩ።

ሳጥን 8ን እንውሰድ። ቀሪው 1500 ከሆነ 1499፣ 1500 እና 1501 ሞክሩ። ዳይመንዱ ላይ ≤ ሳይሆን < ቢጻፍ ኖሮ 1500 ያለው ሰው 1500 ማውጣት አይችልም ነበር፣ ይህን ደግሞ በ200 እና በ5000 ብቻ የሞከረ ሰው አያየውም። ቀጥሎ 0 አስገቡ። 0 ≤ 1500 ነው፣ ስለዚህ «ብር ስጥ» ላይ ይደርሳል። ማሽኑ ዜሮ ብር ሊቆጥር ነው። መጠኑ ከዜሮ በላይ መሆኑን የሚጠይቅ ዳይመንድ ጎድሏል።

የሙከራው ቆጠራ ላይ የሚፈተነው «ሁለቴ ተሳስቶ በሦስተኛው ማግኘት» ነው። ከ6 የሚወጣውን ቀስት ወደ 3 ካስተካከልን በኋላ ይህ ሰው 7 ላይ መድረስ አለበት። ሦስቴ የተሳሳተው ደግሞ 11 ላይ። እዚህ ጋ የአንድ ቁጥር መዛነፍ በጣም የተለመደ ነው። ሳጥን 6 «ሙከራ > 3» ቢል ደንበኛው አራት ዕድል ያገኛል። ሳጥን 2 ሙከራን ከ1 ቢያስጀምር ደግሞ ካርዱ በሁለተኛው ስህተት ይያዛል። በመንገዱ ብቻ ካያችሁት ሦስቱም ስዕሎች አንድ ናቸው።

የሉፕ መውጫ ላይ «=» ልጻፍ ወይስ «≥»?

በሚችሉበት ሁሉ «≥» ወይም «≤» ይሻላል። «=» አንድ ነጥብ ብቻ ነው የሚጠብቀው፤ ቁጥሩ ያን ነጥብ ከዘለለው ለሁልጊዜው ዘለለው። ከ1 ጀምሮ በ2 የሚጨምር ቁጥር 10 ሲሆን ውጣ ቢባል፣ 1፣ 3፣ 5፣ 7፣ 9፣ 11 ብሎ ያልፋል። «≥ 10» ቢባል ኖሮ 11 ላይ ይወጣ ነበር። በኛም ስዕል አንድ ቀን ሌላ ሰው መጥቶ ሙከራን ሁለት ቦታ ላይ ቢጨምር 3 ሊዘለል ይችላል፤ «ሙከራ ≥ 3» ያን ይቋቋማል።

በነጥብ የሚጻፉ ቁጥሮች ላይ ነገሩ ይብሳል፣ ምክንያቱም በወረቀት ያለፈው በኮምፒውተር ይወድቃል። ከ0 ጀምራችሁ 0.1ን አሥር ጊዜ ብትደምሩ በእጃችሁ 1 ታገኛላችሁ። ኮምፒውተር ግን 0.1ን በሁለትዮሽ ቁጥር በትክክል መያዝ ስለማይችል፣ በተለመደው የነጥብ ቁጥር አያያዝ ድምሩ 0.9999999999999999 ይሆንበታል። «= 1 ሲሆን ውጣ» ያለ ሉፕ አይወጣም። የትሬስ ቴብሉ ገደብ እዚህ ላይ ነው። መፍትሔው ካውንተሩን ሙሉ ቁጥር ማድረግ ነው፤ 10 ጊዜ ዙር ማለት።

ቀስቶቹም ቁጥሮቹም ልክ ናቸው፤ ግን ተጠቃሚው መውጣት አቃተው። ይሄ ስህተት ነው?

ነው፣ ብዙ ሰው ደግሞ አያየውም። ስዕላችንን አስተካክለናል እንበል፤ 8 «አይ» ሲል ወደ 12፣ 12 ደግሞ ወደ 7። ማሽኑ የሚያወጣው ባለ 100 ብር ኖት ብቻ ነው፣ ስለዚህ 7 ላይ 100፣ 200፣ 300 እያለ ብቻ ነው የሚቀበለው። ደንበኛዋ ቀሪዋ 70 ብር ነው። 100 ብላ ጠየቀች፣ «አይበቃም»። ሌላ መጠን ልሞክር አለች፣ ሁሉም ከ100 በላይ ነው። 7፣ 8፣ 12፣ 7፣ 8፣ 12።

በቀለሙ ዘዴ ይህ ያልፋል፤ ከ8 ወደ 9 መንገድ ስላለ ሁሉም ቀይ ነው። በትሬስ ቴብልም 1500 ብር ባለው ሰው ከሞከራችሁት ያልፋል። የሚያጋልጠው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ከዚህ ሉፕ ለመውጣት ተጠቃሚው ማድረግ ያለበት ነገር በእጁ አለ ወይ? መውጫው የሌለውን ነገር የሚጠይቅ ከሆነ በሩ ስዕል ላይ ብቻ ነው ያለው። 12 ከማሳያው በኋላ «ሌላ መጠን ይሞክራሉ?» የሚል ዳይመንድ ያስፈልገዋል፤ «አይ» ካለች ወደ መጨረሻው። ሰው መረጃ የሚያስገባበት ሉፕ ሁሉ «ተውኩት» የሚል መውጫ ይኑረው። ይህን ደንብ ሳልደራደር ነው የምይዘው።

የማያልቅ ሉፕ ሁሉ ስህተት ነው?

አይደለም። የትራፊክ መብራት ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ እያለ መዞር ነው ሥራው። ኤቲኤሙ ራሱም አንዱን ደንበኛ ሲጨርስ «ካርድ ጠብቅ» ወደሚለው ይመለሳል፣ መብራት እስኪጠፋ ድረስ። ልዩነቱ ታስቦ መሳሉ ነው። የአንድ ደንበኛ ጉዳይ ማለቅ አለበት፤ የማሽኑ ሥራ ማለቅ የለበትም። ሁለቱን በአንድ ስዕል ስትሳሉ ውጪኛውን ሉፕ «ሁልጊዜ» ብላችሁ ምልክት አድርጉበት፣ አለዚያ የሚፈትሽላችሁ ሰው ስህተት ነው ብሎ «ሊያስተካክልላችሁ» ይችላል።

ስዕሉ ሁለት ገጽ ሆነብኝ። እዚህ ላይ ምን ልጠንቀቅ?

የመጋጠሚያ ክቦቹን። አንድ ገጽ ላይ «ሀ» የሚል መውጫ ክብ ካለ ሌላኛው ላይ «ሀ» የሚል መግቢያ ክብ አንድ ብቻ መኖር አለበት። መግቢያው ከሌለ መንገዱ ወረቀቱ ጫፍ ላይ ይቀራል፣ ሁለት መግቢያ ካለ የቱ ጋ እንደሚገባ አይታወቅም። መውጫዎቹ ግን ብዙ ሊሆኑ ይችላሉ። ክቦቹን ብቻ ለይታችሁ በአንድ ወረቀት ላይ ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ ጻፏቸው።

ሁሉንም ፈተና አለፈ። በቃ ትክክል ነው ማለት ነው?

የተሳለው አይጋጭም ማለት ነው። ያልተሳለውን ግን የትኛውም ዘዴ አያይም። ወደ ዝርዝሩ ተመለሱና ሳጥን 9 እና 10ን አንብቡ። ብር ሰጠ፣ ቀነሰ፣ ጨረሰ። ካርዱስ? የሚመልስ ሳጥን የለም። ሳጥኑ ስለሌለ ቀስት አይጎድለውም፣ ቀለምም አይጎድለውም፣ በሠንጠረዡም መስመር የለውም።

ይህ የሚገኘው ስዕሉን ሥራውን ከሚያውቅ ሰው ጋር በማስተያየት ብቻ ነው። ስዕሉን ሳታሳዩት «ብር ስታወጣ መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ? ከዚያስ?» ብላችሁ እስከ መጨረሻው አስነግሩት፣ እናንተ ሳጥኖቹን እያያችሁ ምልክት አድርጉ። እሱ ያለው፣ ስዕሉ ላይ የሌለው፣ የጎደለው ሳጥን ነው። ስዕሉን ካሳያችሁት ግን የተሳለውን እያነበበ «አዎ፣ ልክ ነው» ይላችኋል።

ይህን ሁሉ የሚፈትሽልኝ ሶፍትዌር የለም?

ከፊሉን። ተራ የስዕል ፕሮግራሞች ቅርጽና መስመር ነው የሚያውቁት፣ ዳይመንድ ላይ መውጫ ቢጎድል ግድ የላቸውም። Flowgorithm የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ከዚህ ይለያል። የሳላችሁትን እዚያው ያሄደዋል፣ ሳጥን በሳጥን እየሄደ የቫሪያብሎቹን ዋጋ ያሳያችኋል፤ ትሬስ ቴብሉን ይሠራላችኋል ማለት ይቻላል። ቀስትም በፈለጋችሁት አቅጣጫ እንድትስሉ ስለማይፈቅድ አንድ መውጫ ያለው ዳይመንድ ወይም መውጫ የሌለው ሳጥን መሥራት አትችሉም። የማያልቅ ሉፕ ግን በደንብ መሥራት ትችላላችሁ፣ እሱም ዝም ብሎ ያዞርላችኋል።

ሉፑ ያልቅ አያልቅ እንደሆነ ለማንኛውም ስዕል አስቀድሞ የሚናገር ፕሮግራም ብንፈልግስ? እሱ አይኖርም። አለን ቱሪንግ እ.ኤ.አ. በ1936 ለማንኛውም ፕሮግራምና ለማንኛውም ግብዓት «ይቆማል» ወይም «አይቆምም» ብሎ ሁልጊዜ በትክክል የሚመልስ አጠቃላይ ዘዴ ሊኖር እንደማይችል አረጋግጧል። ለብዙ የተለመዱ ሉፖች መልሱ ይገኛል፤ ካውንተሩ በአንድ ይጨምራል፣ መውጫው «≥» ነው፣ መሃል ላይ ዜሮ የሚያደርገው የለም፣ ያልቃል። ለሁሉም የሚሠራ ማሽን ስለሌለ ግን እያንዳንዱን ወደ ኋላ የሚመለስ ቀስት ለብቻው ማየት የእናንተ ሥራ ሆኖ ይቀራል።